በሐዘን ምክንያት የማስረከቢያ ቀን ላለፈበት ተማሪ፦ ለመምህር የሚላከውን መልእክት እንዴት እንጽፍ?

ቤተሰብ ሞቶበት የቤት ሥራ ሳያስገባ የቀረ ተማሪ መልእክት ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው መምህሩን ለማሳመን ነው። ስለ ሐዘኑ አራት አንቀጽ ይጽፍና መጨረሻ ላይ «እባክዎ ይተባበሩኝ» ብሎ ይዘጋዋል። መምህሩ ግን ሞቱን ማመን ብዙም አይቸግረውም፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው የለም። የሚቸግረው ሌላ ነው፦ የትኛው ኮርስ? የትኛው ሥራ? ስንት ቀን ልስጠው? ለሌሎቹ ተማሪዎች ምን እላለሁ? ዲፓርትመንቱ ቢጠይቀኝ ምን አሳያለሁ? ጥሩ መልእክት እነዚህን ጥያቄዎች ቀድሞ የመለሰና መምህሩን «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ሥራ የማይሰጠው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ ለመድረስ ነው።

እንደ ምሳሌ አንዲት ተማሪ እንውሰድ። ሐዋሳ የምትማር የ3ኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ያሳደጓት አያቷ፣ የእናቷ እናት፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለ የገጠር ቀበሌ ሰኞ ግንቦት 3 ቀን አረፉ። ቀብሩ ማክሰኞ ተፈጸመ፤ መርዶው እሷ ዘንድ የደረሰው ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ጠዋት ተነስታ አዲስ አበባ አደረች፣ ሐሙስ ለሠልስቱ ደረሰች። እሑድ ተነስታ ሰኞ ግንቦት 10 ማታ ሐዋሳ ተመለሰች። በመሃል ዓርብ ግንቦት 7 ቀን የምርምር ዘዴ ኮርስ ፕሮፖዛል ማስገቢያ ነበር፤ ከ100 20 የሚያዝበት የግል ሥራ ነው። አላስገባችም፣ ለመምህሩም አልተናገረችም።

ከመጻፍ በፊት፦ ቀኖቹን መደርደር

መጀመሪያ ወረቀት ላይ አምስት ቀኖችን ጻፉ፦ ሞቱ የደረሰበት፣ እናንተ የሰማችሁበት፣ የሄዳችሁበት፣ የማስረከቢያው፣ የተመለሳችሁበት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቀን ይምታታበታል፣ ይህም አያስነቅፍም። መልእክቱ ላይ ያለው ቀን ለማስረጃ ከምታያይዙት የእድር ወይም የቀበሌ ደብዳቤ ጋር ካልገጠመ ግን እውነተኛው ነገር ውሸት ይመስላል።

በተለይ የሞቱና የመስማቱ ቀን የሚራራቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤተሰብ «ፈተናውን ይጨርስ» ብሎ መርዶውን ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊያቆየው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ደብዳቤው ላይ የሚያዝያ ቀን ይታይና ተማሪው የጠፋው ግንቦት ላይ ይሆናል። መምህሩ ጠይቆ እስኪደርስበት መጠበቅ አያስፈልግም፤ «ቤተሰቦቼ የነገሩኝ ግንቦት 4 ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አገሩን የሚያውቅ መምህር ወዲያው ይገባዋል።

ሌላው የካላንደርና የሰዓት ጉዳይ ነው። የኮርስ አውትላይኑ May 15 ካለ የእድሩ ደብዳቤ ግንቦት 7 ይላል። ሁለቱ አንድ ቀን መሆናቸውን መምህሩ ቆጥሮ እንዳይፈልግ ማስረከቢያውን ስትጠቅሱ ሁለቱንም ጻፉ። ሥራው በኢንተርኔት የሚገባ ከሆነ ገጹ ላይ 11:59 PM የሚለው በእኛ ከሌሊቱ 5፡59 መሆኑንም አትርሱ። «እስከ 11 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ ስትጽፉ ከቀኑ ይሁን ከሌሊቱ መምህሩ ሊያውቅ አይችልም።

ከዚያ የኮርስ አውትላይኑን አውጥታችሁ ስለዘገየ ሥራ የሚለውን ፈልጉ። «በቀን 10 በመቶ ይቀነሳል» ሊል ይችላል፣ «ከቀኑ ያለፈ አይታይም» ሊል ይችላል፣ ዝም ብሎም ሊያልፈው ይችላል። የምትጠይቁት ነገር በዚህ ይወሰናል። ቅነሳ ካለ የምትጠይቁት ያለ ቅነሳ እንዲታይላችሁ ነው፤ «አይታይም» ካለ የምትጠይቁት የተለየ ፈቃድ ነው፣ ያም ከመምህሩ አልፎ ዲፓርትመንት ሊደርስ ይችላል።

ማስረጃውን ከለቅሶው ቤት ሳትወጡ ያዙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግቢ ከተመለሱ በኋላ «ማስረጃ አምጣ» ሲባሉ አገር ቤት ስልክ ይደወላል፣ የእድሩ ጸሐፊ አይገኝም፣ ማኅተሙ ሊቀመንበሩ ጋ ነው፣ ደብዳቤው በሰው ይላካል፣ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ለቅሶው ላይ ግን ጸሐፊውም ሊቀመንበሩም ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። በሠልስቱ ማግስት አንድ ዘመድ ልካችሁ ማስጻፍ ይቻላል።

ከየት? የእድር ደብዳቤ ቶሎ የሚገኘው ነው፤ ወሎ አካባቢ ቅሬ ይባላል። ቀብሩ የተፈጸመበት ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ወይም መስጊዱም ይጽፋል። ከእነዚህ ይልቅ ክብደት ያለው የቀበሌ ደብዳቤ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት ደግሞ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ በኩል የሚወጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ስለዚህ ቤተሰቡ ወዲያው ላያወጣው ይችላል። እሱን እየጠበቃችሁ መልእክቱን አታዘግዩ። ለአንድ ፕሮፖዛል የእድር ወይም የቀበሌ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ደብዳቤው ላይ መኖር ያለባቸው የሟች ሙሉ ስም፣ የሞቱና የቀብሩ ቀን፣ የእናንተ ስም እስከ አያት፣ ከሟች ጋር ያላችሁ ዝምድና፣ ፊርማና ማኅተም ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የሚዘለለው ዝምድናው ነው። የአባት አባት ከሆኑ ስማቸው የእናንተ ስም ሦስተኛ ላይ ስላለ ነገሩ ራሱን ይናገራል። የምሳሌያችን ተማሪ አያት ግን የእናቷ እናት ናቸው፤ በስማቸውና በስሟ መካከል አንድ የጋራ ቃል የለም። «ወ/ሮ እገሊት ማረፋቸውን እንገልጻለን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ለእሷ ምንም አያረጋግጥም። «የእገሊት እገሌ የእናት እናት» የሚል ሐረግ እንዲገባ ጸሐፊውን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ወጥመድ አለ። የአጎታችንን ልጅ «ወንድሜ»፣ ያሳደገንን አጎት «አባቴ» ማለት ለእኛ ውሸት አይደለም። መልእክቱ ላይ «ወንድሜ ሞቶ» ተብሎ ደብዳቤው ላይ የአባት ስሙ የተለየ ሰው ሲመጣ ግን መምህሩ ይጠራጠራል። ትክክለኛውን ዝምድና ጻፉ፣ ቅርበቱን ደግሞ በሁለት ቃል አስረዱ፦ «አብሬው ያደግሁት የአጎቴ ልጅ»፣ «ያሳደገኝ አጎቴ»። የራቀ የሚመስለው ዝምድና ክብደት የሚያገኘው በዚህ ነው።

ደብዳቤውን በቀን ብርሃን፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ፣ አራቱም ጠርዝ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ማኅተሙ ካልተነበበ ድገሙት። ዋናውን ይዛችሁ ተመለሱ። የቀብር ወይም የአስከሬን ፎቶ ግን ለመምህር አይላክም፤ ማስረጃም አይሆን፣ ክብርም አይጠብቅ።

በየት በኩል ይላክ?

መምህሩ ሥራና ማስታወቂያ በሚልክበት መንገድ ላኩ። በአብዛኛው ቴሌግራም ነው። ኢሜይል የሚጠቀም መምህር ከሆነ ኢሜይሉ ይቅደም፤ በኋላ ዲፓርትመንት ቢጠይቅ ፈልጎ ለማሳየት ይቀላል። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ የኮርሱ ስም፣ የሥራው ስምና የእናንተ ስም ይግባ። «አስቸኳይ» ወይም «ሰላም» የሚል ርዕስ ከመቶ ሌላ መልእክት ጋር ይቀላቀላል።

የክፍሉ ግሩፕ ላይ አትጻፉ። መምህሩ በሁሉም ፊት «እሺ» ቢል ነገ ሌሎች ይጠይቁታል፣ ስለዚህ «አይቻልም» ማለት ይቀለዋል። ሪፑን «አንተ ንገርልኝ» ማለትም ልማድ ሆኗል። መንገድ ላይ ሳላችሁ ሪፑ «እገሊት አያቷ አርፈው አገር ቤት ሄዳለች» ብሎ ቢያሳውቅ መልካም ነው። ጥያቄውን ግን ራሳችሁ አቅርቡ። የድምፅ መልእክትም አይመከርም፤ በሳግ የታጀበ የሦስት ደቂቃ ድምፅ ውስጥ መምህሩ ቀኑንና የኮርሱን ስም ፈልጎ ማውጣት አይችልም።

ቴሌግራም ላይ «ሰላም መምህር» ብላችሁ መልስ አትጠብቁ። ሁሉንም በአንድ መልእክት ጨርሱ። ለአምስት መምህር የምትጽፉ ከሆነም እያንዳንዱን ለየብቻ ጻፉ። አንዱን ፎርዋርድ ስታደርጉ ከላይ Forwarded from የሚል ይወጣል፤ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ደግሞ የሌላ ኮርስ ስም ሊቀር ይችላል። ይህ ሁለተኛው በተደጋጋሚ የሚታይ ነው፣ መምህርንም ያስቀይማል።

በስንት ሰዓት? ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ነገር ግን ማስረከቢያው ዛሬ ከሆነና መርዶው ማታ 4 ሰዓት ከደረሰ አትጠብቁ፣ ላኩት። ቀኑ ሳያልፍ የተላከ ሁለት መስመር ካለፈ በኋላ ከሚላክ ገጽ ይበልጣል።

መልእክቱ

ተማሪያችን ሰኞ ማታ እንደተመለሰች፣ ወይም ቢበዛ ማክሰኞ ጠዋት፣ ይህን ትልካለች፦

> ጤና ይስጥልኝ መምህር (ስም)፣
>
> (ሙሉ ስም እስከ አያት) እባላለሁ፤ የ3ኛ ዓመት አካውንቲንግ፣ ሴክሽን 2፣ መታወቂያ ቁጥር (…)። የምጽፍልዎ ዓርብ ግንቦት 7 (May 15) መግባት የነበረበትን የምርምር ዘዴ ፕሮፖዛል ስላላስገባሁ ነው።
>
> ያሳደጉኝ አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ሰኞ ግንቦት 3 አርፈዋል። መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ ማታ ስለነበር ረቡዕ ጠዋት ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ፤ የተመለስኩት ዛሬ ሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ መንገድ ላይ ሳለሁ ላሳውቅዎ ይገባ ነበር፣ አላሰብኩትም። ከሐሙስ ጀምሮ የነበርኩበት ቀበሌ ደግሞ ኔትወርክ አልነበረውም። ሳላሳውቅዎ በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።
>
> የፕሮፖዛሉ መግቢያና የችግሩ መግለጫ ክፍል አልቋል፣ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። የቀረኝ የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳና የጥናቱ ዘዴ ነው። እስከ ዓርብ ግንቦት 14 ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ጨርሼ እንዳስገባና ያለ ቅነሳ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።
>
> የእድሩን ደብዳቤ ፎቶ አያይዣለሁ። ዋናው በእጄ ስለሆነ ካስፈለገ ቢሮዎ አመጣለሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> (ስም፣ ስልክ)

ተቆጥሮ ሲታይ ስለ ሐዘኑ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ለጻፊው ይህ ጭካኔ ሊመስለው ይችላል፤ ለአያት አንድ መስመር! ሐዘኑን ለመግለጽ ግን ጓደኛና ቤተሰብ አለ፤ ይህ መልእክት የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። «ያሳደጉኝ» የሚለው አንድ ቃል የሕመሙን ዝርዝር ከመጻፍ ይልቅ ይናገራል። የሕመሙ ዓይነት፣ ሆስፒታሉ፣ ማን እንዴት እንዳለቀሰ አይጠቀስም።

«አርፈዋል» ወይም «ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ለታላቅ ሰው ተገቢ ነው። ሙስሊም ቤተሰብ «ወደ አኼራ ሄደዋል» ቢል መምህሩ ይረዳል። «አጣኋቸው» ብቻ ብሎ መተው ግን ያሻማል።

አጠራሩም ማሰብን ይጠይቃል። በዕድሜ ከእናንተ ብዙም የማይርቅ፣ ክፍል ውስጥ «አንተ» የምትሉት መምህር ቢሆንም እንኳ ጥያቄ በጽሑፍ ስታቀርቡ «እርስዎ» ይሁን። ማዕረግ ያለው ከሆነ «ዶ/ር» ተብሎ የራሱ ስም እንጂ የአባቱ ስም አይከተልም። «ቲቸር» ለአፍ ይሆናል፣ ለጽሑፍ «መምህር» ይሻላል። መምህሩ የውጭ አገር ዜጋ ከሆነ ያው ይዘት በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ኢትዮጵያዊ ከሆነ ግን በደንብ የተጻፈ አማርኛ ከተንገዳገደ እንግሊዝኛ ይሻላል።

ስለ ኔትወርኩ የተጻፈውን ደግማችሁ አንብቡት። ብዙ ተማሪ «ኔትወርክ አልነበረም» ብሎ ያልፋል። መምህሩ ግን ከሐዋሳ ደብረ ማርቆስ በአዲስ አበባ እንደሚታለፍ ያውቃል፤ ቴሌግራም ላይም መጨረሻ የታያችሁበት ቀን ይታያል። ለአንድ ሰበብ ሲባል የተጋነነ ነገር ሙሉውን መልእክት ያበላሻል። «ማሳወቅ ይገባኝ ነበር፣ አላሰብኩትም» የሚለው እውነት ስለሆነ ማንም አይጠይቅበትም። መርዶ ሰምቶ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ፕሮፖዛል አለማሰቡ ለማንም ግልጽ ነው።

ስንት ቀን ይጠየቅ?

የሚጠየቀው ያዘናችሁበት ቀን ብዛት አይደለም፤ ከሥራው የጠፋባችሁ ቀን ነው። ተማሪያችን ከመርዶው በኋላ እስከ ማስረከቢያው ድረስ የነበሯት ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ናቸው። ሦስት ቀን ማለት ነው። ከተመለሰች በኋላ ማክሰኞን ለማረፊያ ትታ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብን ትጠይቃለች፣ ዓርብ ግንቦት 14 የመጣው ከዚህ ነው። መምህሩ ቢቆጥረው ይገጥምለታል። ሁለት ሳምንት የጠየቀ ተማሪ ግን ሥራውን ቀድሞውንም አልጀመረውም ብሎ ያስጠረጥራል። «መቼም ይሁን እርስዎ ባሉኝ ቀን» ብሎ መተውም ትሕትና ይመስላል እንጂ ውሳኔውን መምህሩ ላይ መጫን ነው፤ እንዲህ ያለ መልእክት «አስብበታለሁ» ተብሎ ይቀመጥና ይረሳል።

ያለቀውን ክፍል ማያያዙ ትልቅ ድርሻ አለው። ፋይሉ መቼ እንደተጻፈ ይታያል፣ ሥራው ከሞቱ በፊት መጀመሩን ይመሰክራል። ምንም ያልተጀመረ ከሆነ ግን ዛሬ ማታ ሁለት ገጽ ቸኩሎ ጽፎ «ጀምሬው ነበር» ማለት አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ ቀኑን መጠየቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ አጣሩ። መልሱ ክፍል ውስጥ ተሠርቷል ወይ? የሌሎቹ ወረቀት ታርሞ ተመልሷል ወይ? ፕሮፖዛል ከሆነ ችግር የለውም፤ የሒሳብ ወይም የጥያቄና መልስ ሥራ ከሆነ ግን መምህሩ ያንኑ መቀበል አይችልም። እንዲህ ሲሆን «መልሱ ስለተሰጠ ምትክ ጥያቄ ቢሰጠኝ» ብላችሁ ራሳችሁ አንሱት።

ሥራው በሙድል የሚገባ ከሆነ Due date እና Cut-off date የሚባሉ ሁለት ቀኖች አሉ። የመጀመሪያው ካለፈ «ዘግይቷል» ተብሎ ይገባል፣ ሁለተኛው ካለፈ ገጹ ይዘጋል። መምህሩ ለአንድ ተማሪ ብቻ Grant extension በሚለው መክፈት ይችላል። ይህን የማያውቅ መምህር «ሲስተሙ ተዘግቷል» ብሎ ሊመልስ ስለሚችል በትሕትና ጠቁሙት። ጉግል ክላስሩም ላይ ደግሞ መምህሩ ካልዘጋው በቀር ቀኑ ካለፈም መላክ ይቻላል፣ ዘግይቶ እንደገባ ምልክት ይደረግበታል እንጂ።

ቅነሳውን «እቀበላለሁ» ብሎ ቀድሞ ማቅረብ ያስፈልጋል? ብዙዎች ይመክራሉ፤ እኛ አንስማማም። በቂ ምክንያትና ማስረጃ ያለው ሰው ያለ ቅነሳ መጠየቅ ይችላል፣ እምቢ ካለ መምህሩ ራሱ ይለዋል። ቅነሳውን ማንሳት የሚያስፈልገው ከተመለሱ በኋላ ሳምንት ቆይቶ ለሚጽፍ ሰው ነው። ያ መዘግየት የራሱ ምክንያት ይፈልጋል፣ ሐዘኑ አይሸፍነውም።

ከመንገድ ላይ የሚላከው አጭሩ

ቀኑ ገና ካላለፈ ከላይ ያለውን ሁሉ መጻፍ አያስፈልግም። አውቶቡስ ተራ ላይ ሆኖ የሚጻፈው ይህ ነው፦

> ጤና ይስጥልኝ መምህር። (ስም)፣ 3ኛ ዓመት አካውንቲንግ ሴክሽን 2። አያቴ አርፈው ዛሬ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድኩ ነው። የዓርቡን ፕሮፖዛል በሰዓቱ ማስገባት አልችልም። ሰኞ ስመለስ ከማስረጃ ጋር ዝርዝሩን እጽፍልዎታለሁ።

በዚህ ጊዜ ምንም አይጠየቅም። መምህሩ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ «አሜን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይባላል። ግን ያ ፈቃድ አይደለም። ብዙ ተማሪ ይህን ማጽናኛ «እሺ» ብሎ ተርጉሞ ሁለተኛውን መልእክት ሳይልክ ይቀርና ውጤት ሲለጠፍ ዜሮ ያገኛል።

መልሱ ሲመጣ፣ ወይም ሲቀር

«እሺ» ከተባለ ቀኑን ደግማችሁ ጻፉና አረጋግጡ፦ «አመሰግናለሁ መምህር፣ ዓርብ ግንቦት 14 ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት አስገባለሁ»። ከዚያ በገባው ቃል ላይ ሁለተኛ ማራዘሚያ አይጠየቅም። ስታስገቡም መምህሩ የፈቀደበትን መልእክት ሪፕላይ አድርጋችሁ ፋይሉን ላኩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያርም ለምን እንደዘገየ ያስታውሰዋል።

«ዲፓርትመንት ጠይቂ» ካለ እምቢ ማለቱ አይደለም፤ ወረቀት ይፈልጋል ማለት ነው። ያንኑ ይዘት በማመልከቻ መልክ አትማችሁ፣ የደብዳቤውን ኮፒ አያይዛችሁ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስገቡ። የተቀበለበትን ቀን በእናንተ ኮፒ ላይ አስፈርሙ።

መልስ ካልመጣ ሁለት የሥራ ቀን ጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ። ከዚያ ቢሮ ሂዱ፣ ዋናውን ደብዳቤ ይዛችሁ። በየቀኑ የጥያቄ ምልክት መላክ ወይም ማታ መደወል ቀድሞ የነበረውን አዘኔታ ያጠፋል። መልስ ባይመጣም እናንተ በጠየቃችሁት ቀን ሥራውን አስገቡ። «ፈቃድ እየጠበቅሁ ነበር» የሚል ተማሪ ወር ካለፈ በኋላ የሚከራከርበት የለውም፤ ያስገባ ተማሪ ግን ወረቀቱ አለ።

እምቢ ቢል? አንድ ጊዜ «በቅነሳ ቢታይልኝስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። «በእናትዎ»፣ «ኤፍ እንዳልይዝ»፣ «ስኮላርሺፕ ይቀርብኛል» የሚሉት ማናቸውም መልእክት ውስጥ አይግቡ። የመጀመሪያው ይለምናል፣ ሌሎቹ ደግሞ ነገሩን ከሐዘን ወደ ውጤት ያዞሩታል፤ መምህሩም የሚያስበው ስለ ውጤት ይሆናል።

ያለፈው ነገር ፈተና ከሆነ ይህ መመሪያ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰው። ሜካፕ አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ብቻውን የሚፈቅደው አይደለም፤ በዲፓርትመንት በኩል በማመልከቻ ይሄዳል፣ የራሱ የማመልከቻ ጊዜ ገደብም አለው። ለመምህሩ ማሳወቂያ፣ ለዲፓርትመንቱ ማመልከቻ በዚያው ቀን ይግቡ።

ውጭ አገር የሚማር ከሆነ

አሜሪካ የሚማር ልጅ አያቱ ጎንደር ቢያርፉ የተለየ ችግር ይገጥመዋል። ቀብሩ እዚያ ነው፣ እሱ አልተጓዘም፤ ፕሮፌሰሩ «ታዲያ ለምን ቀረ?» ሊል ይችላል። መርዶ እንደተነገረ ቤቱ በሰው እንደሚሞላ፣ ቤተሰቡም ለቀናት ለቅሶ ተቀምጦ እንግዳ እንደሚቀበል አያውቅም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ግድ ነው። የሟች ስም ከተማሪው የቤተሰብ ስም ጋር አለመግጠሙም እዚያ ይበልጥ ያስጠረጥራል፤ የኢትዮጵያ ስም በአባት ስም እንጂ በቤተሰብ ስም እንደማይሄድ ይጠቀስ። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ዲን ቢሮ አለ። ማስረጃውን አንድ ጊዜ ለእሱ ካቀረቡ ለሁሉም መምህራን ማሳወቂያ ሊልክ ይችላል፣ ለየመምህሩ ደብዳቤ ከማሳየት ያድናል። አጠራሩም ይለያል፤ እዚያ «ፕሮፌሰር» ተብሎ የሚከተለው የመጨረሻው ስም ነው።

አርባውን ከአሁኑ ቁጠሩ

ግንቦት 3 ያረፈ ሰው አርባው ሰኔ 12 ይውላል፣ በብዙ ግቢ የፋይናል ሰሞን ነው። ፕሮፖዛሉን አስገብቶ የተነሣ ተማሪ ያኔ እንደገና «ለአርባ ልሂድ» ብሎ ሲጽፍ መምህሩ የሚሰጠው መልስ ከመጀመሪያው ይለያል፤ ድንገተኛ አይደለም፣ ቀኑ ከአርባ ቀን በፊት የታወቀ ነው። ስለዚህ የፈተና ፕሮግራሙ እንደወጣ ቀኖቹን አስተያዩ። ከተጋጨ ቀድሞ ማነጋገር የሚቻለው ቤተሰብን ነው፤ ተዝካሩን በጥቂት ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ማድረግ የሚቻልበት ጊዜ አለ፣ የፋይናል ቀን ግን ለአንድ ተማሪ አይዞርም። የሚጋጨው ሌላ የቤት ሥራ ከሆነ ደግሞ መምህሩን የምትጠይቁት ቀድማችሁ ለማስገባት ነው፦ «ሰኔ 12 ለአያቴ አርባ ስለምሄድ የሰኔ 13ቱን ሥራ ሰኔ 10 አስገባለሁ»።